አራት ወር ከአሥር ቀን እና አንድ ዓመት፦ በአንድ ሱራ ውስጥ ያሉ ሁለት አንቀጾች

የቦርከናዋ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

አሰላሙ አለይኩም። የአክስቴ ባል ረጀብ 12 ቀን ወደ አኼራ ሄዷል፤ አላህ ይዘንለት። አክስቴ የመጠበቂያ ጊዜዋ ዒዳ ላይ ናት፤ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለው ቤታቸው ተቀምጣለች። ረመዷንን ሙሉ ከተራዊሕ በኋላ የቁርኣኑን የአማርኛ ትርጉም አነብላት ነበር። ሱረቱል በቀራህ 234ኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ፣ ባል የሞተባቸው ሴቶች አራት ወር ከአሥር ቀን ይጠብቃሉ ይላል። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፤ የምታውቀው ነው። ስድስት አንቀጽ ዝቅ ብዬ 240ኛው ላይ ስደርስ ግን ስለ ሟች ሚስቶች እንደገና ይናገራል፤ ባሎቻቸው ሳያስወጧቸው እስከ ዓመት ድረስ መጠቀሚያ ይናዘዙላቸው ይላል። አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠችና «ታዲያ የእኔ የትኛው ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ነገሩን የከበደ ያደረገው ደግሞ የሟቹ ወንድም አራት ወር ከአሥሩ ሲያልቅ ቤቱን እንድትለቅ በሰው በኩል ማስነገሩ ነው። እዚህ ፈትዋ እየጠየቅሁ አይደለም፤ ለዚያ የሚኬድበትን አውቃለሁ። የምጠይቀው ቁርኣንን የሚፈቱት የተፍሲር ሰዎች እንዲህ ያሉ ሁለት አንቀጾች ፊት ለፊት ሲቆሙ ምን ያደርጋሉ? የሚለውን ነው። አንዱን ይጥላሉ? ያስታርቃሉ? በምን አውቀው?

ነጋዴው ከሐርቡ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ወአለይኩሙ ሰላም። እህቴ፣ ይህ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። ናሲኽና መንሱኽ የሚባል ነገር አለ። የኋላው ትእዛዝ የፊተኛውን ይሽረዋል፤ የመንግሥት አዋጅ እንኳ እንደዚያው ነው። 234 ፊት ነው፣ 240 ኋላ ነው። ስለዚህ የዓመቱ ጸንቷል፤ አክስትሽ ዓመት ትቀመጥ፣ ቤቱንም ማንም አያስለቅቃትም። ለሟቹ ወንድም ይህንን አሳዪው።

የደጋን ደረሳ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

ነጋዴው ሕጉን በትክክል ይዞ አቆጣጠሩን ስቶታል። የኋላው የፊተኛውን ይሽራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን «ኋላ» የሚባለው በወረደበት ጊዜ እንጂ በተጻፈበት ቦታ አይደለም። ቁርኣን የተደረደረው በወረደበት ቅደም ተከተል አይደለም፤ ኢቅረእ መጀመሪያ ወርዶ 96ኛው ሱራ ላይ ነው ያለው።

ይህ አንቀጽ ለእኔ የማይረሳ ነው። ደጋን አካባቢ ስቀራ ሸኻችን የሚያቀሩን ጀላለይን የሚባለውን ተፍሲር ነበር። አንዱ ደረሳ ዐረብኛውን ያነባል፣ ሸኹ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ይሰብሩታል፣ እኛ እንሰማለን። 240 ላይ ስንደርስ ኪታቡ እንዲህ ይላል፦ ኑዛዜው በውርስ አንቀጽ ተሽሯል፤ ዓመት መጠበቁ ደግሞ በአራት ወር ከአሥሩ አንቀጽ ተሽሯል። ከዚያ ያንን አንቀጽ በሁለት ቃል ይገልጸዋል፦ አስሳቢቀቱል ሙተአኺረቱ ፊንኑዙል። ሸኹ እዚህ ላይ አስቆሙን። ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው «ቀዳሚዋ፣ ኋለኛዋ» አሉ። ሳቅን። «ሲነበብ ቀዳሚ፣ ሲወርድ ኋለኛ» ብለው አብራሩልንና የሳቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አስደገሙት። እኔም ሦስት ጊዜ ደገምሁ።

ስለዚህ ሽሮ ያለፈው 234 ነው፤ የተሻረው 240። ነጋዴውን ለመካስ ያህል፣ ይህን የጀላለይን ክፍል የጻፈው ሱዩጢ ራሱ በሌላ ኪታቡ እንደጻፈው ሻሪው ከተሻረው ፊት ተቀምጦ የሚገኘው በቁርኣን ውስጥ በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ ይህ ነው። እሱ ያልተቀበላቸውን ሌሎች ቦታዎች የጨመሩም አሉ። ያም ሆኖ ነጋዴው የወደቀው ጥቂት ሰው ብቻ በሚወድቅበት ጉድጓድ አይደለም።

ከሶሓቦች ዘመን ጀምሮም የተጠየቀ ነው። ኢብኑ ዙበይር ቁርኣኑን ያስጽፍ የነበረውን ዑስማንን ስለ 240 «ይህን አንቀጽ ሌላኛው ሽሮት ሳለ ለምን ትጽፈዋለህ?» ብሎ ጠይቆታል፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ዑስማን የመለሰው «የወንድሜ ልጅ ሆይ፣ ከውስጡ ምንም ነገር ከቦታው አላነሳም» ብሎ ነው።

የቦርከናዋ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። 234 በኋላ እንደወረደ በምን ታወቀ? ሁለቱ ስለማይጣጣሙ አንዱን ኋለኛ አድርገን፣ ኋለኛ ስለሆነ ሽሯል ካልን፣ ዙሪያውን እየዞርን አይደለም ወይ?

ሹፌሩ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ተሳስታችኋል። ዒዳ ሦስት ወር ነው። እህቴ ስትፈታ የቃዲው ጸሐፊ ሦስት ወር ብሎ ነው የጻፈላት፤ ወረቀቱ እስካሁን እኔ ዘንድ አለ። አራት ወር ከየት መጣ?

የደጋን ደረሳ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ሹፌሩ፣ የእህትህ ፍቺ ነው፤ የእኛ ጥያቄ የሞት ነው። የተፈታች ሴት በ228ኛው አንቀጽ ሦስት ቁሩእ፣ ማለትም ሦስት የወር አበባ ዙር፣ ትጠብቃለች፤ የወር አበባ የማታይ ከሆነ በሱረቱ ጦላቅ ሦስት ወር። የእህትህ ወረቀት አልተሳሳተም፤ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። አንተ ሳታስበው የሙፈሲሮችን የመጀመሪያ ጥያቄ ነው ያነሳኸው፦ ሁለቱ ንግግሮች ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ሁኔታ ናቸው ወይ? ይጋጫል ከሚባለው ውስጥ አብዛኛው እዚህ ላይ ነው የሚቀልጠው።

የቦርከናዋ፣ ጥያቄሽ ትልቅ ነው፤ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ እመለስበታለሁ።

እናት ከወልዲያ · ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ልጆቼ፣ ስለ ዒዳ ስትነጋገሩ የራሴን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ሲሞት ዘጠነኛ ወሬ ነበር። እሱ በተቀበረ በ19ኛው ቀን ወለድሁ። አንድ የአካባቢያችን ሽማግሌ «የአራት ወር ከአሥሩ አለብሽ፤ መውለድሽ አያወጣሽም» አሉኝ። ጠበቅሁ። ሕፃን ታቅፌ፣ ሽቶ ሳልቀባ፣ ቤት ዘግቼ ጠበቅሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት የቀራች ሴት «አንቺ እኮ በወለድሽ ዕለት ጨርሰሻል» አለችኝ። በዚያን ቀን ያለቀስሁትን ባሌ ሲሞት አላለቀስሁም። ያ ሽማግሌ ከየት አምጥተው ነው የነገሩኝ? ከራሳቸው ነው?

የደጋን ደረሳ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

እናቴ፣ አላህ ምንዳዎን አያጉድልብዎ። ሽማግሌው ከራሳቸው አላመጡትም፤ ያመጡት ከዓሊይና ከኢብኑ ዐባስ ነው፤ ምናልባት የማን እንደሆነ ሳያውቁት። ግን ያልጸናውን ነው የነገሩዎት። ወደ እርስዎ ጉዳይ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ የቦርከናዋን ልመልስ፣ መንገዱ አንድ ነውና።

234 በኋላ ለመውረዱ «በዚህ ቀን ወረደ» የሚል ቀን የተቆረጠለት ዘገባ አይደለም የሚጠቀሰው። የሚጠቀሰው ሌላ ነው። አንደኛ፣ የኢብኑ ዙበይርና የዑስማን ንግግር። ኢብኑ ዙበይር መሻሩን የታወቀ ነገር አድርጎ ነው የሚጠይቀው፤ ዑስማንም «አልተሻረም» አላለውም፤ «ከቦታው አላነሳም» ነው ያለው። ሁለተኛ፣ የነቢዩ ሚስት ኡሙ ሰለማ ያወራችው። አንዲት እናት ባሏ የሞተባት ልጇ ዓይኗን ታማ ኩል እንድትኳል ብትጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉና «እሱ እኮ አራት ወር ከአሥር ነው፤ በጃሂሊያ ከእናንተ አንዷ በዓመቱ ራስ ላይ በጠጥ ትወረውር ነበር» አሉ። ከእስልምና በፊት በነበረው በዚያ ዘመን ባል የሞተባት ሴት ጠባብ ጎጆ ውስጥ ገብታ፣ መጥፎ ልብሷን ለብሳ ዓመት ትቀመጣለች፤ ስትወጣ በጠጥ ተሰጥቷት ትወረውራለች። ማለቴ፣ ዓመት የድሮው ልማድ ነበር፤ «አራት ወር ከአሥር ብቻ» ሲባል እንደ ማቅለያ ነው የተነገረው። ስለዚህ የዓመቱ ከፊት፣ የአራት ወሩ ከኋላ መሆኑ ከአንቀጾቹ አለመጣጣም ሳይሆን ከሰሙት ሰዎች ነው የተወሰደው። ዙሪያ የሚዞር ነገር አይደለም። ግን ልክ ነሽ፣ ይህ ዓይነት ማስረጃ ሳይኖር «ተሽሯል» የሚል ሰው ዙሪያውን ነው የሚዞረው።

አሁን ወደ እናቴ። በሱረቱ ጦላቅ 4ኛው አንቀጽ «እርጉዞች ጊዜያቸው እስኪወልዱ ነው» ይላል። ይህን ከ234 ጋር አስተያዩት። 234 ስለ ሟች ሚስት ነው፤ እርጉዝ ትሁን አትሁን አልለየም። ጦላቅ ስለ እርጉዝ ነው፤ ፍቺ ይሁን ሞት አልለየም። እያንዳንዱ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላ በኩል ጠባብ ነው። የሚገናኙት አንዲት ሴት ላይ ብቻ ነው፤ ባሏ የሞተባት እርጉዝ ላይ። ማለትም እርስዎ ላይ።

ዓሊይና ኢብኑ ዐባስ ያሉት «ከሁለቱ የሚረዝመውን ትጠብቅ» ነው። አስተዋይ መንገድ ነው፤ ሁለቱንም አንቀጽ አይጥልም፤ ረጅሙን የጠበቀ አጭሩንም ጠብቋልና። ልዩነቱ የሚታየው ግን ልጅ ከአራት ወር ከአሥሩ በፊት ሲወለድ ብቻ ነው። ሞቱ በሁለተኛው የእርግዝና ወር ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሰው «እስክትወልድ» ነበር የሚለው። በ19ኛው ቀን ሲወለድ ግን ከመቶ ቀን በላይ ልዩነት አለው።

ይህን የፈታው የሱበይዓ ነገር ነው። ባሏ ሰዕድ ኢብኑ ኸውላ ሞቶባት ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ወለደች። ከዚያ ተጌጠች። አቡ ሰናቢል የሚባል ሰው መጣና «አራት ወር ከአሥሩ ሳያልፍ አታገቢም» አላት። እሱ ራሱ ለጋብቻ ጠይቋት እምቢ ያለችው ሰው ነበር፤ እዚህ ላይ ሸኻችን ፈገግ ሳይሉ አያልፉም። ልብሷን አጣፍታ በዚያው ምሽት ወደ ነቢዩ ሄደች። «በወለድሽ ጊዜ ጨርሰሻል» አሏት። በኋላ ኢብኑ ዐባስና «ከወለደች ጨርሳለች» የሚለው አቡ ሰለማ በዚሁ ሲከራከሩ አቡ ሁረይራ «እኔ ከወንድሜ ልጅ ጋር ነኝ» ብሎ ከአቡ ሰለማ ጎን ቆመ። ኢብኑ ዐባስም አገልጋዩን ኩረይብን ወደ ኡሙ ሰለማ ልኮ አስጠየቀ፤ የሱበይዓን ታሪክ ነው ይዞ የተመለሰው። ኢብኑ መስዑድም «አጭሯ የሴቶች ሱራ ከረጅሟ በኋላ ወርዳለች» ይል ነበር፤ ጦላቅ ከበቀራህ በኋላ ነው ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ 234 አልተሻረም፤ ከውስጡ እርጉዟ ብቻ ወጣች። የቀደሙት ሰዎች ይህንንም «ነስኽ» ይሉት ነበር፤ ቃሉን ሰፋ አድርገው ነው የሚጠቀሙበት። የተሻሩት አንቀጾች ቁጥር በአንዳንዱ ኪታብ ከሁለት መቶ በላይ፣ በሱዩጢ ዘንድ ሃያ ያህል፣ በሕንዱ ሻህ ወሊዩላህ ዘንድ አምስት ብቻ የሚሆነው አንድ ምክንያቱ ይህ ነው። ከአምስቱ አንዱ ግን 240 ነው፤ ወሊዩላህም አላዳነውም።

እናት ከወልዲያ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ከዓሊይ ከሆነስ ይሁን። ሽማግሌውን ተቀይሜአቸው ከርሜአለሁ፤ አሁን ልተዋቸው።

ሐይቅ ዳር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸውና ይህን ክር እየተከታተልሁ ነው። አያቴ አንድምታ የተማሩ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ አንድ ቃል ሁለትና ሦስት ፍች ሲኖረው «አንድም፣ አንድም» እየተባለ ይደረደራል፤ አንዱ ሌላውን አያባርረውም። እናንተ ዘንድ የግድ አንዱ መሻር አለበት ወይ? ሁለቱን «አንድም» ብሎ መተው አይቻልም?

የደጋን ደረሳ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ወንድሜ፣ እኛም ዘንድ አለ። «ወቂለ» ይባላል፤ ሸኻችን ወደ አማርኛ ሲያወርዱት «ደግሞም ተብሏል» ይሉታል። ጦበሪን የመሰለ ሰፊ ተፍሲር አንድ አንቀጽ ላይ የስንቱን ሰው ቃል ከነዘጋቢው ደርድሮ መጨረሻ ላይ «ለእኔ ትክክሉ ይህ ነው» ይላል። ጀላለይን ግን አጭር ነው፤ ሚዛን የደፋውን ብቻ ይዞ ያልፋል፤ ሱዩጢ መግቢያው ላይ ይህንኑ ተናግሯል። እኛ ወሎዎች በጀላለይን ስላደግን ብዙዎቻችን ሁሉም ነገር የተቆረጠ ይመስለናል። ይህ የኪታቡ ጠባይ እንጂ የዕውቀቱ አይደለም።

ልዩነቱ ያለው ሕግ ላይ ነው። ምሳሌና ታሪክ ላይ «አንድም» ያምራል። አንዲት ሴት ግን በአንድ ቀን ወይ ዒዳ ላይ ናት ወይ አይደለችም።

መምህር ከደሴ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡45

ደረሳው በደንብ ተናግሯል፤ ጀላለይን ላይ ግን ቆሟል። 240 ተሽሯል የሚለው የብዙኃኑ ነው፤ የሁሉም አይደለም። እዚያው ቡኻሪ ውስጥ፣ ከዑስማን ንግግር አጠገብ፣ የቀደመው ሙፈሲር የሙጃሂድ ቃል ተቀምጧል። ሙጃሂድ የሚለው አራት ወር ከአሥሩ ግዴታ ነው፤ የዓመቱ ማሟያ የሆነው ሰባት ወር ከሃያ ሌሊት ደግሞ ለሴቲቱ የተሰጠ ኑዛዜ ነው፤ ብትፈልግ ትቀመጣለች፣ ብትፈልግ ትወጣለች። ደምሩት፤ ልክ ዓመት ይመጣል።

ደግሞ አንቀጾቹን በእርጋታ አንብቧቸው። 234 የሚያዘው ሴቲቱን ነው፤ «ይጠብቁ» ይላል። 240 የሚያዘው ሌላውን ወገን ነው፤ «ሳያስወጧቸው» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ «ቢወጡ ግን በእናንተ ላይ ኃጢአት የለም» ብሎ ምርጫውን ለእሷ ይተዋል። አንዱ የእሷ ግዴታ፣ ሌላው የእሷ መብት ነው። ሁለት ሰው በሁለት ነገር ሲታዘዝ የቱ ላይ ነው የተጋጨው? ደረሳው ራሱ ለሹፌሩ የነገረው የመጀመሪያ ጥያቄ እዚህ አይሠራም ወይ?

አቡ ሙስሊም አል-አስፈሃኒም 240 አልተሻረም ብሏል፤ በሌላ መንገድ ቢሆንም። ፈኽሩዲን ራዚ የእሱን መንገድ ዘርዝሮ ጽፎ እጅግ ትክክል ነው ብሎ አወድሶታል። ኢብኑ ከሲር ደግሞ የሙጃሂድን ቃል ጠቅሶ ኢብኑ ተይሚያ እንደመረጠው ጽፏል። እነዚህ ሁሉ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ላይ ግን ተጠጋግተዋል። «ተሽሯል» የሚለው ቃል የመጨረሻ መድኃኒት ነው፤ ማስታረቅ ከተቻለ አይነካም።

የደጋን ደረሳ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

መምህር፣ የሙጃሂድን ቃል አውቀዋለሁ፤ ያላነሳሁት ክሩ ላይ ቤት የሚል ነገር ስለነበረ ነው። አንዳንድ ሰው አጣድፎ ወደ ሙግት ይወስደዋል ብዬ ፈራሁ።

የተናገሩት ያምራል፤ ግን ግማሹን ነው የሚፈታው። ጀላለይንን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ በ240 ላይ ሁለት መሻር ነው ያለው። ዓመት መጠበቁ በ234 ተሻረ፤ ኑዛዜው በውርስ አንቀጽ ተሻረ። የእርስዎ መንገድ የመጀመሪያውን ይመልሳል፤ መጠበቅና መብት የተለያዩ ናቸው፣ እሺ። ሁለተኛውስ? ሱረቱ ኒሳእ ለሚስት ድርሻዋን ቆርጦ ሰጥቷል፤ ልጅ ካለ ስምንተኛ፣ ከሌለ አራተኛ። «ለወራሽ ኑዛዜ የለም» የሚለው ሐዲስም አለ። የዓመቱ መቀመጫና መጠቀሚያ ከማን ድርሻ ይወጣል?

ደግሞ ዑስማን ራሱ ምን ፈረደ? ፉረይዓ ቢንት ማሊክ፣ የአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ እህት፣ ባሏ ተገድሎባት ወደ ወገኖቿ ልትመለስ ፈለገች፤ ባሏ የራሱ ቤትም ቀለብም አልተወላትምና። ነቢዩ መጀመሪያ ፈቀዱላት፣ ከዚያ ጠርተው አስመለሷትና «የተጻፈው ጊዜ እስኪያልቅ ቤትሽ ተቀመጪ» አሏት። እሷም አራት ወር ከአሥር ተቀመጠች። ዑስማን በኸሊፋነቱ ዘመን ልኮ ይህን ጠየቃትና በዚሁ ፈረደ። 240ን ከቦታው አላነሳም ያለው ሰው፣ ሲፈርድ በአራት ወር ከአሥሩ ነው የፈረደው።

መምህር ከደሴ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ፉረይዓ የጠየቀችው መውጣት ነው፤ የተከለከለችውም መውጣት ነው። ከአራት ወር ከአሥሩ በኋላ መቆየት ፈልጋ «ውጪ» አልተባለችም። ስለዚህ ያ ሐዲስ ስለ ግዴታዋ እንጂ ስለ መብቷ አይናገርም። ኑዛዜውን በተመለከተ ደግሞ ሙጃሂድ ያለው አላህ ያደረገላት ነው እንጂ ሟቹ የሚናዘዘው አይደለም። «ለወራሽ ኑዛዜ የለም» የሟቹን እጅ ነው የሚይዘው።

የደጋን ደረሳ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ታዲያ «ይናዘዙ» የተባሉት እነማን ናቸው? አንቀጹ እኮ «ከእናንተ የሚሞቱት» ብሎ ነው የሚጀምረው።

መምህር ከደሴ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ያ ቃል በሁለት ንባብ ይነበባል፤ «ወሲየተን» እና «ወሲየቱን»። በአንደኛው «ይናዘዙ» ይሆናል፤ በሌላው «በእነሱ ላይ ኑዛዜ አለ» ወደሚለው ይጠጋል። በቂ ነው አልልም፤ በሩን ግን አይዘጋውም። ኪታቤን ይዤ እመጣለሁ፤ ሐሙስ ደሴ ካለህ ቡና በእኔ ነው።

ነጋዴው ከሐርቡ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50

እኔ «ዓመት» ስል ስቃችሁብኝ ነበር። አሁን ሙጃሂድም ዓመት ብሏል። በመጨረሻ ማን ተሳሳተ?

የደጋን ደረሳ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

አንተ ዓመት መጠበቅ አለባት ነው ያልኸው። ሙጃሂድ ዓመት መቀመጥ ትችላለች ነው ያለው። መንገድህ ወደ ሐርቡ ነው፣ የእሱ ወደ ሐይቅ፤ ደሴ ላይ ስለተገናኛችሁ አብራችሁ አልመጣችሁም።

የቦርከናዋ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁሉንም ለአክስቴ አነበብሁላት። የሱበይዓን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ስለ ቤቱ ነገ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሄዳለን፤ ልጆች ስላሉ ድርሻዋ ስምንተኛ እንደሆነ ታውቃለች፤ ስለ መቀመጡ የሚሉንን እንሰማለን። ደረሳው፣ «ዒዳው እስኪያልቅ ከቤቱ ማንም አያስወጣትም» የሚለው በሻፊዒዎች ዘንድ የጸና ነው ወይ? እሱን ብቻ አረጋግጥልኝ።

አንድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ። አክስቴ ቀኑን የምትቆጥረው በሽምብራ ነው፤ በየማታው አንድ ፍሬ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ታዛውራለች። ጎረቤቷ በሠላሳ ሠላሳ ቆጥራ 130 ሽምብራ ነው የሰጠቻት። ሌላ ሰው ደግሞ በጨረቃ ነው የሚቆጠር አላት። ስንቱ ይቀነስ?

የደጋን ደረሳ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

አዎ፣ እዚያው ጀላለይን ላይ «መቀመጫው በሻፊዒይ ዘንድ የጸና ነው» ብሎ ነው አንቀጹን የሚዘጋው።

ቁጥሩ በጨረቃ ነው። ሞቱ በወር መካከል ስለሆነ የተጎደለው ወር ብቻ 30 ይሞላል፤ መካከል ያሉት ሦስቱ፣ ሻዕባን፣ ረመዷንና ሸዋል፣ 29ም ይሁኑ 30 እንደታየችው ጨረቃ ይወሰዳሉ። ረጀብ 29 ከነበረ ከ12 በኋላ 17 ቀን ተቆጥሯል፤ የጎደለው 13 ቀን ከዙልቂዕዳ ይሞላል፤ አሥሩ ሲጨመር ዙልቂዕዳ 23 ይሆናል። ረጀብ 30 ከነበረ 22። ሽምብራው ላይ ስንት እንደሚቀነስና የሚያልቅበትን ቀን ለመናገር ረጀብ፣ ሻዕባንና ረመዷን በእናንተ አካባቢ 29 ወይስ 30 እንደነበሩ ንገሪኝ፤ ሸዋል ገና አላለቀም።

የቦርከናዋ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

ረመዷንን 29 ነው የጾምነው። የሌሎቹን መስጂድ ጠይቄ እመለሳለሁ። አክስቴ አንድ ሽምብራ አሁኑኑ አውጥታ በልታዋለች።